የሌሊት ተረኛዋ ያስቆመችው ጭነት፦ ከአንድ የባሕር ዳር የዘር መጋዘን የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

## መነሻ

ጉዳዩ የተከሰተው ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ የበቆሎ ዘር መጋዘን ነው። ወሩ ግንቦት ነበር። ዝናቡ ሳይገባ ዘሩ ገበሬው ደጅ መድረስ አለበትና መጋዘኑ ሌትም ቀንም ይሠራል። የሌሊት ተረኛ የነበረችው የመጋዘን ጸሐፊ ኮምፒዩተሯ ላይ የበራ አንድ ቀይ ምልክት አይታ መኪና አስቆመች። ምልክቱ የበራበት ጭነት በእርግጥም የተሳሳተ ነበር። የባሰው ስህተት ግን ያለው ማንቂያው ቀደም ብሎ «እለፍ» ባለው ሌላ መኪና ላይ ነበር። ታሪኩ ተጽፎ ቢቀመጥ ይጠቅማል ያልኩት በተለይ ለዚህ ነው።

የድርጅቱንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። ጸሐፊዋ ጽሑፉን አንብባ ሁለት ቦታ አርማኛለች። እኔ በወቅቱ የቀን ፈረቃ የስርጭት ሠራተኛ ነበርኩ፤ በነገሩ ውስጥ የነበረኝን ድርሻ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

## መጋዘኑና ሥራው

የምናወጣው ምርጥ ዘር በ12.5 ኪሎ ከረጢት ይታሸጋል። ስምንት ከረጢት አንድ ኩንታል ይሆናል። ለአንድ ሄክታር በቆሎ 25 ኪሎ ዘር ስለሚበቃ አንድ ከረጢት ግማሽ ሄክታር ይዘራል፤ በገበሬው አቆጣጠር ሁለት ጥማድ ማለት ነው። ይህ ስሌት ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

በዚያ ሌሊት የሚወጡት ዝርያዎች ሁለት ነበሩ፤ ቢኤች 546 እና ቢኤች 661። ሁለቱም ነጭ በቆሎ ናቸው፤ ሁለቱም በመድኃኒት ታሽተው ቀለም ይዘዋል፤ ከረጢታቸውም አንድ ነው። ፍሬውን በእፍኝ ይዞ ይህ 546 ነው፣ ያ 661 ነው ብሎ የሚለይ ሰው አላየሁም። ልዩነቱን የምትናገረው የከረጢቱ አፍ ላይ ከክሩ ጋር አብራ የተሰፋች፣ መዳፍ የማትሞላ ካርድ ብቻ ናት፤ ዝርያው፣ የሎት ቁጥሩ፣ የብቅለት መጠኑ የተጻፈው እሷ ላይ ነው። ከረጢት በትከሻው ተሸክሞ የሚሮጥ ጫኝ ያቺን ካርድ አያነብም፤ እንዲያነብም አይጠበቅበትም።

ማሳ ላይ ሲደርስ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። 661 ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ላለው አካባቢ የሚመከር፣ ለመድረስ 160 ቀን ገደማ የሚፈልግ ዘግይቶ ደራሽ ዝርያ ነው። 546 ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ይሄዳል፤ 145 ቀን ገደማ ይበቃዋል። የተሳሳተ ዘር የተቀበለ ገበሬ ስህተቱን በቡቃያው አያውቀውም። የሚያውቀው ዝናቡ ወጥቶ በቆሎው ገና አረንጓዴ ሆኖ ሲያየው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚመለስ ዘር የለም።

የምንጭነው ሌሊት ነው። ቀን ቀን ቆርቆሮው ግሎ መጋዘኑ ውስጥ መቆም ያቅታል፤ የዘር ማሻው መድኃኒት ሽታም በሙቀቱ ይብሳል። መኪኖቹ ሌሊት ተጭነው ያድራሉ፤ ከ11 ሰዓት በፊት ማንም መንገድ አይወጣም። ይህ ልማድ በዚያ ሌሊት ትልቅ ውለታ ውሎልናል።

ወረቀቱ የሚሄደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የድልድል ደብዳቤ ነው፤ የትኛው ኅብረት ሥራ ማኅበር የትኛውን ዝርያ ስንት ከረጢት እንደሚወስድ የሚገልጽ። ደብዳቤው በደረሰ ቁጥር ጸሐፊዋ ኮምፒዩተሯ ላይ RES ብላ በሰየመችው ገጽ ትመዘግበዋለች። ሁለተኛው የዕለቱ የጭነት ዝርዝር ነው። እሱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ አመሻሽ ላይ አትሜ ለሌሊት ፈረቃ አስረክባለሁ። ከእነዚህ ሌላ እያንዳንዱ ክምር ላይ ቢን ካርድ ይንጠለጠላል፤ ከረጢት በገባና በወጣ ቁጥር እዚያው በእስክሪብቶ ይጻፋል።

## ማንቂያው

ማንቂያውን ማንም አላዘዘም። ጸሐፊዋ ራሷ የሠራችው በሚያዝያ ከደረሰ አንድ ነገር በኋላ ነው፤ ለአንድ ማኅበር በድልድል የተያዘ ዘር ቀድሞ ለመጣ መኪና ተጭኖ ሄደና ባለድልድሉ ሲመጣ ባዶ ወለል አሳየነው። ያኔ ቢን ካርዱ አልዋሸም፤ ከረጢቱ በእርግጥ ነበረ። ቢን ካርድ ግን ወለሉ ላይ ያለውን እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም።

ስለዚህ መኪና ወደ በሩ በተጠጋ ቁጥር መድረሻውን፣ ዝርያውንና ብዛቱን ከዝርዝሬ ላይ እያየች OUT በሚባለው ገጽ ትጽፋለች። ከጎኑ ያለው ሕዋስ እንዲህ ያሰላል፦

```
=IF(D7>SUMIF(STOCK!A:A,C7,STOCK!C:C)
 -SUMIFS(RES!C:C,RES!A:A,C7,RES!B:B,"<>"&B7),
 "አቁም","እለፍ")
```

በአማርኛ ሲነገር፦ የዚህን ዝርያ ጠቅላላ ክምችት ውሰድ፤ ከእሱ ላይ ለሌሎች መድረሻዎች የተደለደለውን ቀንስ፤ የቀረው ለዚህ ጭነት ካልበቃ «አቁም» በል። መጨረሻ ላይ ያለው `"<>"&B7` ነው ዋናው ብልሃት። እሱ ባይኖር ማኅበሩ የራሱን ድርሻ ሊወስድ ሲመጣ እንኳ የራሱ ድልድል ይቀነስበትና ማንቂያው በከንቱ ይጮሃል። ክምችቱንም ድልድሉንም የምትዘጋው ንጋት ላይ አንድ ላይ ስለሆነ ቁጥሮቹ ሌሊቱን ሙሉ የፈረቃውን መጀመሪያ እያሳዩ ይቆያሉ።

ያም ሆኖ በከንቱ ይጮህ ነበር። ምክንያቱ ፊደላችን ነው። ድልድሉ ላይ «ሐሙሲት» ተብሎ ዝርዝሩ ላይ «ሃሙሲት» ከተጻፈ ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለኤክሴል ሁለት ነው። የማኅበሩን ድልድል የሌላ ሰው አድርጎ ይቀንስና ቀይ ያበራል። በግንቦት መጀመሪያ እንዲህ ያለ የሐሰት ማንቂያ ሦስት ጊዜ ጮኾ ጫኞቹን አስቁሟል። ጫኝ የሚከፈለው በከረጢት ነውና የቆመበት ሰዓት ከኪሱ ነው። የጫኞቹ አለቃ ማንቂያውን «ያንቺ ቀይ መብራት» ይሉት ጀመር፤ ሙገሳ አልነበረም።

## ያ ሌሊት

ዝርዝሬ ላይ የነበሩት አራት ጭነቶች እነዚህ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ በዝርዝሩ ላይ እንደነበረው ነው።

| መድረሻ | ዝርያ | ከረጢት |
|---|---|---|
| መራዊ | BH-546 | 360 |
| ሐሙሲት | BH-546 | 320 |
| ዱርቤቴ | BH-661 | 360 |
| ጃዊ | BH-661 | 240 |

ጃዊ ከሁሉም ይርቃልና መጀመሪያ የተጫነው እሱ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጸሐፊዋ ጻፈችው፤ «እለፍ» አለ፤ 240 ከረጢት 661 ተጫነ። ሾፌሩ ሸራውን አስሮ፣ ጋቢና ውስጥ ተኛ። ቀጥሎ የሐሙሲቱ ገባ፤ እሱም «እለፍ»።

የመራዊው አይሱዙ ወደ በሩ የተጠጋው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ጫኞቹ የእሷን ጽሑፍ ሳይጠብቁ ጀምረው ነበር፤ 40 ከረጢት ያህል ካሮሴሪው ላይ ወጥቷል። እሷ መድረሻውን፣ ዝርያውንና ብዛቱን ጻፈች። ሕዋሱ ቀላ፤ «አቁም»።

ወጥታ እጇን አነሣች። የጫኞቹ አለቃ ከክምሩ ጫፍ ሆነው፣ «ደግሞ ምን አለ ያንቺ መብራት? ዘሩ ይኸው ፊት ለፊታችን ተቆልሎ!» አሏት።

«አይቼዋለሁ ጋሼ፤ አንድ አሥር ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ።»

«አሥር ደቂቃ ስትይኝ ነው የሚነጋው፣ ልጄ።»

መጀመሪያ ያየችው ፊደሉን ነው፤ የሐሰት ማንቂያ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለችና። መራዊ በሁለቱም ገጽ በአንድ ዓይነት ነው የተጻፈው። ሁለተኛ ወደ ክምሩ ሄደች። ቢን ካርዱ የሐሙሲቱን 320 ቀንሶ 680 ይላል። ረድፉን በረድፍ ቆጠረች፤ ወለሉ ላይ 640፣ መኪናው ላይ 40። ልክ ነው። እንግዲህ የጠፋም የተረፈም ከረጢት የለም።

ስለዚህ ጥያቄው ከቁጥር ወጣ። ፈረቃው ሲጀምር 546 የነበረው 1,000 ከረጢት ነው። ለሐሙሲት 320፣ ለጃዊ 240፣ በኋላ ለሚመጣ ሌላ ማኅበር 200 ተይዟል፤ ድምሩ 760። የቀረው 240 ነው፤ መራዊ የጠየቀው 360። ከረጢቱ አለ፣ ግን የሌላ ሰው ነው። ይህ ከሁለት ነገር አንዱን ያሳያል፤ ወይ ድልድሉ ተለውጦ አልተነገራትም፣ ወይ የጭነት ዝርዝሩ ተሳስቷል።

ይህን ለመለየት ደብዳቤዎቹን የያዘውን ቦክስ ፋይል አወረደች። የመራዊው ደብዳቤ 360 ከረጢት ይላል፤ ዝርያው ግን 661 ነው። ብዛቱ ሳይዛነፍ ገጥሞ ዝርያው ብቻ መለየቱ ነው ያነቃት። ዝርያ በስምምነት የሚለወጥበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ሲያልቅ ማኅበሩ ሌላውን ይወስዳል። ያኔ ግን የለውጥ ደብዳቤ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ብዛቱ አብሮ ይለወጣል። 661 አላለቀም፤ ደብዳቤም የለም።

ደወለችልኝ። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ተኝቼ ነበር። ደገመች፤ አላነሣሁም። መኪና የማስቆም ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት መጋዘኑ ውስጥ አልነበረም። ቀጥሎ ያደረገችው ነገር ከሁሉ በላይ የማደንቀው ነው። በመራዊው ብቻ አልቆመችም። «አንዱ መስመር ከተሳሳተ ሌላው ለምን ልክ ይሆናል?» ብላ አራቱንም መስመር ከአራቱ ደብዳቤ ጋር በእስክሪብቶ እያመሳከረች ሄደች። ሐሙሲት ልክ ነው። ዱርቤቴ ልክ ነው። ጃዊ ላይ ስትደርስ ደብዳቤው 240 ከረጢት 546 ይላል።

የጃዊው መኪና ተጭኖ፣ ሸራው ታስሮ፣ ውጭ ቆሟል።

ጥበቃው ጋ ሄዳ የበር መውጫውን ጥራዝ ተቀበለችና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። «ያለ እኔ ፊርማ ምንም እንዳይወጣ፣ አባቴ» አለች። ከዚያ የመራዊውን መኪና ዞር አስደርጋ ከደብዳቤው ጋር የገጠመውን የዱርቤቴን አስገባች። ጫኞቹ ሥራ ስላልፈቱ ጭቅጭቁ በዚያው በረደ።

እኔ ስልኬን ያየሁት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ላይ ነው፤ የወባ ትንኝ ቀስቅሳኝ። የመጀመሪያ ቃሏ፣ «ጋሼ፣ ዝርዝሩን ከማን ጋር ነው የሠሩት?» የሚል ነበር። ከማንም ጋር አልነበረም።

## ስህተቱ ከየት መጣ

ከእኔ ነው። ዝርዝሩን መጀመሪያ የጻፍኩት በትክክል ነበር፤ መራዊ 661፣ ሐሙሲት 546፣ ዱርቤቴ 661፣ ጃዊ 546። ጫኞቹ ከክምር ክምር እንዳይመላለሱ አንድ ዓይነት ዝርያዎችን አንድ ላይ ላድርግ ብዬ የዝርያውን አምድ መርጬ ደረደርኩ። ኤክሴል አንድ አምድ ብቻ መመረጡን ሲያይ ይጠይቃል። `Expand the selection` ቢባል ሙሉው መስመር አብሮ ይንቀሳቀሳል። እኔ የጫንኩት `Continue with the current selection` የሚለውን ነው። ዝርያዎቹ ብቻቸውን ተደረደሩ፤ መድረሻውና ብዛቱ በነበሩበት ቀሩ።

የዚህ ዓይነቱ ስህተት ክፋቱ ንጹሕ መስሎ መታየቱ ነው። የተሰረዘ፣ የተደለዘ፣ ባዶ የቀረ ሕዋስ የለም። የከረጢት ድምሩ 1,280 ነበር፤ ከመደርደሬም በፊት ከመደርደሬም በኋላ 1,280 ነው። ግማሹ መስመር በአጋጣሚ ትክክል ሆኖ ቀርቷል። አትሜ ሳየው ደስ የሚል ዝርዝር ነበር፤ 546ቱ ላይ፣ 661ዱ ታች። በዝርያ በዝርያ ቢደመር ኖሮ ይታይ ነበር፤ በድልድሉ 546 በጠቅላላ 560 ሲሆን በእኔ ዝርዝር 680 ወጥቷል። ማንም በዝርያ አልደመረም።

## ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ማንቂያው የሠራው የድልድሉ ገጽና የጭነት ዝርዝሩ በተለያየ ሰው፣ ከተለያየ ምንጭ ስለተጻፉ ነው። እሷ ከደብዳቤው ጻፈች፤ እኔ ከራሴ ፋይል። ሥራ ለማቅለል ብላ የእኔን ፋይል ወደ RES ገልብጣ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት ይሆንና ማንቂያው ጸጥ ይል ነበር። ሁለት ጊዜ መጻፍ ድካም ነው እያልኩ ፋይሌን እንድትጠቀም ከአንድም ሁለት ጊዜ ነግሬያት እንደነበር መደበቅ አልፈልግም።

ያልሠራው ደግሞ የጃዊው ነው። ፈረቃው ሲጀምር 661 የነበረው 2,000 ከረጢት ነው። ለመራዊ 360፣ ለዱርቤቴ 360፣ ለሌሎች 600 ተይዟል፤ የቀረው 680። ጃዊ በስህተት የተጻፈለት 240 በደንብ ይገባል። ማንቂያው «ይበቃል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ «የዚህ ሰው ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የ546 ክምችት 120 ከረጢት ያህል ቢጨምር ኖሮ መራዊም «እለፍ» ይባል ነበር፤ ሁለቱም መኪኖች በንጋት ይወጡ ነበር።

ከሁለቱ ደግሞ የሚከፋው ጃዊ ነው። መራዊ ወይና ደጋ ነው፤ 546 ቢደርሰው ያልጠየቀውን ተቀብሎ ይከፋዋል እንጂ በቆሎው ይደርሳል። ጃዊ ቆላ ነው። ዘግይቶ ደራሹ 661 ከሚመከርለት ከፍታ ውጭ ይወድቃል። 240 ከረጢት ማለት 30 ኩንታል፣ 120 ሄክታር ማለት ነው። እንግዲህ ማንቂያው ቀላሉን ስህተት ይዞ ከባዱን አሳለፈ። ከባዱን የያዘችው ሰውዋ ናት፤ ያውም ማንቂያው ከጠየቀው ጥያቄ አልፋ ስለሄደች።

አንድ ምልክት አምልጧት እንደነበር እሷው ነግራኛለች። የጃዊን ጭነት እንደጨረሰች ወዲያው የድልድል መስመሩን ብትዘጋ ኖሮ 661 ሥር ጃዊ የሚባል እንደሌለ ታይ ነበር። መዝጊያው ንጋት ላይ ስለሆነ አላየችውም።

የማራገፉ ሥራም ያለ እንከን አላለፈም። 240 ከረጢት አውርዶ ሌላ 240 ለመጫን ጫኞቹ የሦስት ሥራ ክፍያ ጠየቁ፤ የመጀመሪያውን ጭነት፣ ማራገፉንና ዳግም ጭነቱን። ትክክል ናቸው። የክፍያ ቅጹ ላይ ግን ማራገፍ የሚባል መስመር አልነበረምና ገንዘቡ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። የጃዊው መኪና በ11 ሰዓት ፈንታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። የመራዊው ትክክለኛውን 661 ጭኖ ሲወጣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆኖ ነበር።

ጠዋት ስንቆጥር ደግሞ 546 ክምር ላይ 440 መሆን ሲገባው 442 ሆነ፤ 661 ከ1,280 ሁለት ጎደለ። ከጃዊው መኪና ከወረዱት ሁለት ከረጢቶች በጨለማው የተሳሳተ ክምር ላይ ወጥተዋል። ተራ በተራ የእያንዳንዷን ካርድ እያነበብን ከላይ ካለው ረድፍ አንዷን ወዲያው አገኘናት። ሁለተኛዋ ከሦስተኛው ረድፍ ከኋላ ጥግ ተገኘች፤ ካርዷ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ቆጠራው ባይደረግ ኖሮ ያቺ ከረጢት የአንድ ገበሬ ሁለት ጥማድ ትሆን ነበር።

## ከዚያ በኋላ የተለወጠው

የእኔን ዝርዝር `Ctrl+T` ተጭኜ ወደ ሠንጠረዥ ለወጥኩት። እንዲህ ከሆነ በኋላ አንዱን አምድ መደርደር ሙሉውን መስመር ያንቀሳቅሳል፤ ያ አደገኛ ጥያቄም አይመጣም። ከግርጌው በዝርያ የተደመረ ቁጥር አለ፤ ጸሐፊዋ ሳትጀምር ከድልድሉ ድምር ጋር ታስተያየዋለች።

እሷ ደግሞ ከብዛቱ ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ ጨመረች፦

```
=IF(COUNTIFS(RES!A:A,C7,RES!B:B,B7)=0,
 "ድልድል የለም","")
```

ይህ መድረሻና ዝርያ ድልድሉ ላይ አንድ ላይ ካልተገኙ ክምችቱ ተራራ ቢያህልም ይናገራል። የዚያን ሌሊት አራት መስመር መልሰን አስገባንበት፤ መራዊም ጃዊም ተያዙ፤ ሐሙሲትና ዱርቤቴ አለፉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ግን ከቀድሞውም ይበልጥ አስቸገረን። «ዱርቤቴ» እና «ዱር ቤቴ»፣ «ሐሙሲት» እና «ሃሙሲት»፣ አንዳንዴም ከቃሉ መጨረሻ ተደብቃ የቀረች ባዶ ቦታ። የፊደል ልዩነቱ በቀድሞው ቀመር ክምችቱ ጠበብ ሲል ብቻ ነበር የሚያስጮኸው፤ በአዲሱ ሁልጊዜ ያስጮኻል። መፍትሔው መድረሻውን መጻፍ መከልከል ሆነ። አሁን ሁለታችንም የምንመርጠው ከአንድ ተቆልቋይ ዝርዝር ነው፤ በጣት የሚጻፍ የከተማ ስም የለም። የሐሰት ማንቂያው ከዚያ በኋላ ጠፋ ባይባልም ቀነሰ። አለቃውም «መብራት» ማለቱን ትተውታል።

የበር መውጫው ጥራዝ ጠረጴዛዋ ላይ ቀርቷል። ጫኝ ሕዋሱ «እለፍ» ሳይል ከረጢት አያነሣም። እኔም በስርጭት ወቅት ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ አልተኛም፤ ካላነሣሁ የሚደወልለት ሁለተኛ ሰው ስልኩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

## ለሌላ መጋዘን የሚተርፍ

ሸቀጡ ሲሚንቶም ይሁን መድኃኒት፣ በዓይን የማይለዩ ሁለት ዕቃዎች ባሉበት ይህ ይደርሳል። የክምችት ማንቂያ ሲበራ የመጀመሪያው ፈተና «ዕቃው እኮ አለ» የሚለው ነው። ዕቃው መኖሩ መልስ አይደለም። ዕቃው ወለሉ ላይ እያለ ማንቂያው ከበራና ፊደሉ ልክ ከሆነ ጥያቄው የባለቤትነት ነው፤ መልሱ ያለው ክምሩ ላይ ሳይሆን ደብዳቤው ላይ ነው። ብዛቱ ገጥሞ ዝርያው ብቻ ከተለየ ደግሞ መስመር መዛነፉን መጠርጠር ይገባል፤ መስመር ከተዛነፈ አንድ ብቻ አይዛነፍም። ስለዚህ የተያዘውን ብቻ አርሞ ማለፍ ትልቁን ስህተት በር ላይ ትቶ እንደ መሄድ ነው።

ሌላው፣ የሚመሳከሩ ሁለት መዝገቦች ከአንድ ፋይል መቀዳት የለባቸውም። ይህን ለአለቆች ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ ሁለት ጊዜ መጻፍ ሁልጊዜ ብክነት ይመስላልና። እኔም ለራሴ አስረድቼው አላውቅም ነበር።

## ገና ያልተፈታ

የዝርያ ለውጥ በስልክ የሚፈቀድበት ጊዜ አለ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ከማሳ ሆነው ደውለው፣ «661 ካለቀ 546 ስጡን፣ ደብዳቤውን ነገ እንልካለን» ይላሉ። ማንቂያው «ድልድል የለም» ይላል፤ ሁሉም ሰው ነገሩን ያውቃል፤ መኪናው ቆሟል። አስተዳደሩ እንዲህ ሲሆን ይለፍ ይላል። ጸሐፊዋ አትስማማም። ለውጡ በአጭር መልእክትም ቢሆን ተጽፎ፣ ዝርያውና ብዛቱ ተጠቅሶ ካልደረሳት RES ላይ አትነካም፤ ሲደርሳት መልእክቱን በእጇ ቃል በቃል ደብዳቤው ጀርባ ላይ ገልብጣ ሰዓቱን ትጽፋለች። በዚህ ምክንያት ባለፈው ወር አንድ መኪና እስከ ረፋዱ ቆሞ ቅሬታ ቀርቦባታል። ቅሬታው እስካሁን አልተዘጋም።